ሁለት ማሽን በአንድ ንባብ

የ0 እና የ1 ድርድር ከግራ ወደ ቀኝ አንዴ ብቻ እያነበበ፣ ቁጥሩ ለ3 ያለ ቀሪ መካፈሉን የሚለይ ማሽን እናስብ። ቁጥሩን በሙሉ መያዝ አያስፈልገውም፤ እስካሁን ያነበበው ለ3 ሲካፈል የሚተርፈውን ማወቅ ይበቃዋል። ቀሪው 0፣ 1 ወይም 2 ስለሆነ ሦስት ሁኔታዎች አሉት። አዲስ አሃዝ ሲመጣ ቀሪውን በ2 ያባዛል፣ አሃዙን ይደምራል፣ እንደገና ለ3 ያካፍላል። 1001 ሲሰጠው ከ0 ተነሥቶ በ1፣ በ2፣ በ1 አልፎ 0 ላይ ያርፋል፤ ቁጥሩ 9 ነውና ይቀበለዋል። እንዲህ ባለ ውሱን ማሽን የሚለይ የድርድሮች ስብስብ መደበኛ ቋንቋ ይባላል።

ሌላ ማሽን ደግሞ የ1ዎቹ ብዛት ሙሉ መሆኑን ይከታተል። ለእርሱ ሁለት ሁኔታዎች ይበቁታል፦ ሙሉ እና ጎደሎ። ሁለቱን መመዘኛዎች አብረው የሚያሟሉትን ድርድሮች ለመለየት አንዱን ማሽን ከሌላው አስከትሎ ማስኬድ አይቻልም፤ የተነበበው አሃዝ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ አብረው ይሂዱ። አዲሱ ማሽን የሚይዘው ጥንድ ነው፦ ቀሪው እና የ1ዎቹ ሁኔታ። ሦስቱ በሁለቱ ሲባዙ ስድስት ጥንዶች ይሆናሉ፤ ስድስትም ውሱን ነው፤ የማረጋገጫው ልብ እዚህ ላይ ነው። የሚቀበለው (0፣ ሙሉ) ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው። 1001 እዚያ ይደርሳል። 10101 ግን፣ ቁጥሩ 21 ቢሆንም፣ ሦስት 1ዎች ስላሉት (0፣ ጎደሎ) ላይ ቀርቶ ይወድቃል። ማይክል ራቢን እና ዳና ስኮት ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት ጽሑፍ አስፍረውታል።

ለ3 የማይካፈሉትን ለመቀበልስ? ተቀባይ የነበረውን ሁኔታ ከልካይ፣ ከልካዮቹን ተቀባይ ማድረግ ይበቃል። ይህ የሚሠራው ግን ማሽኑ ለእያንዳንዱ አሃዝ አንድ መንገድ ብቻ ሲኖረው ነው። በ1 የሚያልቁትን ለመለየት 1 ባየ ቁጥር «መጨረሻው ይህ ይሆናል» ብሎ መገመትም፣ ባለበት መቆየትም የሚችል ማሽን ብንወስድ፣ ድርድሩን ለመቀበል አንዱ መንገድ ቢሳካ ይበቃዋል። ሁኔታዎቹን ስናገላብጥ ባለበት መቆየት ተቀባይ ይሆንና «1» የሚለው ድርድር ከመገልበጡ በፊትም በኋላም ይገባል።

ድርድሮቹን ከኋላ ወደ ፊት ማንበብ ሲፈለግ ቀስቶቹ ይዞራሉ፣ መነሻና መድረሻ ቦታ ይለዋወጣሉ። ቋንቋው መደበኛነቱን አያጣም፤ ዋጋው ግን ሊከብድ ይችላል። «ከፊት 10ኛው አሃዝ 1 ነው» የሚለውን ለመለየት 12 ሁኔታዎች ይበቃሉ። ሲገለበጥ «ከኋላ 10ኛው 1 ነው» ይሆናል፤ ማሽኑ መጨረሻው የት እንደሆነ አስቀድሞ ስለማያውቅ ያለፉትን 10 አሃዞች ሁልጊዜ መያዝ አለበት። ለእያንዳንዱ አሃዝ አንድ መንገድ ብቻ ባለው ማሽን ይህ ከ1024 ሁኔታዎች ባነሰ አይሠራም።