ሂሳቡ ከመቆረጡ በፊት

ርዕሱ «ከእኛ ጋር አንድ ዓመት ሞላዎት፣ እናመሰግናለን!» የሚል ኢሜይል ይመጣል እንበል። ሲከፈት ባለቀለም ፊኛዎች አሉት፤ ዓመቱን ሙሉ ስንት ሰዓት እንደተጠቀሙ የሚናገር ቁጥር አለው፤ ስለ አዲስ አገልግሎት ሁለት አንቀጽ ተጽፎበታል። ከግርጌው፣ በደብዛዛ ግራጫ ፊደል፣ «ደንበኝነትዎ በቅርቡ በወቅቱ ዋጋ ይታደሳል፤ ዝርዝሩን ከአጠቃቀም ደንባችን ይመልከቱ» የሚል አንድ መስመር ይገኛል። ድርጅቱ አሳውቄያለሁ ይላል። ተቀባዩ ግን ስንት ዶላር እንደሚቆረጥበት፣ መቼ እንደሚቆረጥበትና ካልፈለገ የት ሄዶ እንደሚያስቆመው አላወቀም።

እንዲህ ያለው ማሳወቂያ ከሌሎች የንግድ ደብዳቤዎች የሚለየው ዝምታ እንደ እሺታ ስለሚቆጠርበት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የዲኤስቲቪ ደንበኛ የወሩን ካልከፈለ ሥርጭቱ ይቋረጥበታል፤ ለመቀጠል እሱ መንቀሳቀስ አለበት። በራሱ በሚታደስ ደንበኝነት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ክፍያው ይቀጥላል፤ መንቀሳቀስ ያለበት ማቆም የሚፈልገው ሰው ነው። በአገራችን ይህን ጠባይ በደንብ የምናውቀው በአጭር ቁጥር ከሚላኩ የመልእክት አገልግሎቶች ነው፤ በየቀኑ ጥቂት ብር ከሂሳብ ይቀንሳሉ፣ ባለቤቱ ሳያስተውለው ወር ይሞላል።

ድርጅቶች ማሳወቂያውን ለምን እንደሚያደበዝዙት መገመት አያስቸግርም። ሊራን አይናቭ፣ ቤን ክሎፓክና ኒል ማሆኒ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት የአሜሪካውያንን የካርድ ክፍያ መርምረው ነበር። የካርዱ ጊዜ አልፎ አዲስ ሲሰጥና ደንበኛው ልቀጥል ወይስ ይብቃኝ ብሎ ለመወሰን ሲገደድ፣ የሚያቋርጠው ሰው በአንድ ጊዜ ይበዛል። ሰው በየወሩ አስቦ ቢወስን ኖሮ ሊገኝ ከሚችለው ገቢ ጋር ሲነጻጸር፣ መዘንጋት ብቻውን የሻጮቹን ገቢ ከ14 በመቶ እስከ ከ200 በመቶ በላይ እንደሚያሳድገው ገምተዋል። ልዩነቱ እንደ አገልግሎቱ ዓይነት ነው። ስለዚህ ግልጽ ማሳወቂያ ለላኪው ገንዘብ ያስወጣዋል፤ ሕግ ጣልቃ የገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ረገድ ዝርዝር ሕግ ካወጡት መካከል የካሊፎርኒያ ግዛት አንዷ ናት። በራሱ ስለሚታደስ ክፍያ የወጣው ሕጓ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2010 ጀምሮ ይሠራል፤ ከዚያ ወዲህም በተደጋጋሚ ተሻሽሏል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 ጀምሮ፣ የመጀመሪያው ውል አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ድርጅቱ ከመታደሱ በፊት ከ15 እስከ 45 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ማሳወቂያ መላክ አለበት። ለሁለቱም ቁጥሮች ምክንያት አላቸው። ሦስት ቀን ሲቀረው የመጣ ማሳወቂያ፣ ሰውየው መንገድ ላይ ከሆነ ወይም ኢሜይሉን በሳምንት አንዴ ብቻ ከሚያይ ከሆነ፣ አይጠቅመውም። አራት ወር ቀድሞ የመጣ ደግሞ ተነብቦ ይረሳል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሎስ አንጀለስ የሚኖር ሰው እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 2025 የስፖርት ማሠልጠኛ አፕ በመግቢያ ዋጋ፣ በዓመት 39.99 ዶላር ገዛ። ቅናሹ ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው፤ ቀጥሎ ዋጋው 89.99 ይሆናል። ውሉ ማርች 12 ቀን 2026 ይታደሳል። የ15 እና የ45 ቀኑን ስናሰላ ማሳወቂያው ከጃንዋሪ 26 በፊት መሄድ የለበትም፣ ከፌብሯሪ 25 በኋላም መቆየት የለበትም። ፌብሯሪ 10 ተላከ እንበል። ምን መጻፍ አለበት?

ከገንዘቡ እንጀምር። «በወቅቱ ዋጋ» ዋጋ አይደለም። ደንበኛው ማየት ያለበት ከካርዱ የሚወጣውን ጠቅላላ ድምር ነው። አፕ ላይ ታክስ በማይከፈልበት ቦታ 89.99 ዶላር ራሱ ድምሩ ነው። ያው ደንበኛ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት ሲልቨር ስፕሪንግ ቢሆን ግን የሜሪላንድ 6 በመቶ ታክስ 5.40 ዶላር ይጨምርና 95.39 ይሆናል፤ በማሳወቂያው ላይም መጻፍ ያለበት ይኸኛው ነው። ከጎኑ ደግሞ ያለፈው ዓመት ዋጋ መቀመጥ ይገባዋል። አምና 39.99 የከፈለ ሰው 89.99 የሚለውን ብቻውን ቢያየው፣ ድሮም ይህንኑ ከፍሎ ሊመስለው ይችላል፤ ከአሥራ ሁለት ወር በፊት የከፈለውን በቃሉ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

የሚገርመው፣ የ2022ቱ ማሻሻያ ማሳወቂያው እንዲይዝ ከዘረዘራቸው ነገሮች መካከል የገንዘቡ መጠን በስሙ ተጠርቶ አልገባም ነበር። ውሉ በራሱ እንደሚታደስ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚታደስ፣ እንዴት እንደሚቋረጥና የድርጅቱ አድራሻ ተጠቅሰዋል፤ ዋጋው «ሌሎች ሁኔታዎች» በሚል ጥቅል ቃል ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ በሚሠራው ማሻሻያ ነው በዓመት አንድ ጊዜ የሚላክ አስታዋሽ የክፍያውን መጠንና በየስንት ጊዜው እንደሚቆረጥ በግልጽ እንዲናገር የተደረገው። ዋጋ ከተለወጠም ከ7 እስከ 30 ቀን ቀደም ብሎ መነገር አለበት።

ቀኑ ከገንዘቡ ይበልጥ ያወሳስባል፤ ብዙ ማሳወቂያ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በአንድ እድሳት ውስጥ ሦስት ቀኖች አሉ፦ የተከፈለበት ጊዜ የሚያልቅበት፣ ገንዘቡ የሚቆረጥበትና ለማቋረጥ የመጨረሻ የሆነው። ሦስቱ አንድ ቀን ላይ የሚውሉ ይመስላሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይውሉም። በአፕል በኩል የተገዛ ደንበኝነት የሚያልቀው 12ኛው ቀን ላይ ቢሆን፣ ክፍያው ከማለቂያው በፊት ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ ሊቆረጥ ስለሚችል፣ ለማቋረጥ የሚመከረው ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ ነው። በዕለቱ ጠዋት አቋርጣለሁ ብሎ ያቀደ ሰው ሲነሣ ገንዘቡ ሄዷል።

ሰዓቱም የራሱ ጣጣ አለው። የብዙ ድርጅቶች የሂሳብ ሥርዓት የሚሠራው በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ማርች 12 ልክ እኩለ ሌሊት ሲሆን ሎስ አንጀለስ ገና ማርች 11፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ማርች 12 ከሌሊቱ 9 ሰዓት። እንግዲህ «ማርች 12 ይቆረጣል» የተባለው ካሊፎርኒያዊ ከዋዜማው አመሻሽ ላይ ተቆርጦ ያገኘዋል። ቀኑን በደንበኛው ሰዓት ማስላት ለፕሮግራመሩ ትንሽ ሥራ ነው፤ ካልተሠራ ግን ማሳወቂያው በአንድ ቀን ይዋሻል።

አጻጻፉም ቀላል ነገር አይደለም። 03/12/2026 አሜሪካ ውስጥ ማርች 12 ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ዲሴምበር 3 ነው። የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ችግሩን ያጠፋዋል። ማሳወቂያው በአማርኛ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም አቆጣጠሮች ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው፤ ያለዚያ «2018» የሚለውን ያየ ልጅ ያለፈ ደብዳቤ ነው ብሎ ለእናቱ ሊነግራት ይችላል።

የማቋረጫው መንገድ በፍርድ ቤት ብዙ ያከራከረ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2023 አማዞንን ሲከስ፣ የፕራይም አባልነትን ለማቋረጥ አራት ገጽ ማለፍ፣ ስድስት ጊዜ መጫንና አሥራ አምስት ምርጫ ማየት ያስፈልግ እንደነበር ዘርዝሯል። በድርጅቱ ውስጥ ይህ ሂደት «ኢሊያድ» ይባል ነበር፤ ስለ ረጅሙ የትሮይ ጦርነት በተገጠመው የግሪክ ግጥም ስም መሆኑ ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ቢያንስ ሥራውን አልካደም። ክሱ በመስከረም 2025 በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ፤ ከዚህ 1.5 ቢሊዮኑ ለደንበኞች የሚመለስ ነው። አማዞን ጥፋተኝነቱን አላመነም። ኮሚሽኑ ማቋረጥን እንደ መመዝገብ ቀላል የሚያደርግ አገር አቀፍ ደንብም እ.ኤ.አ. በ2024 አውጥቶ ነበር፤ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን ኮሚሽኑ አስቀድሞ መሥራት የነበረበትን የወጪ ትንተና አልሠራም ብሎ በሐምሌ 2025 ሻረው። ጀርመን ሌላ መንገድ ይዛለች፤ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በድረ ገጽ ውል የሚያስገባ ድርጅት እዚያው ላይ የማቋረጫ ቁልፍ ማስቀመጥ አለበት፤ በቁልፉ ላይ የሚጻፈው ምን ዓይነት መሆን እንዳለበትም ሕጉ ያመለክታል።

በማሳወቂያው ውስጥ ያለው ሊንክ ወደ መነሻ ገጽ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ማቋረጫው መውሰድ አለበት። ደንበኛው በአፕል በኩል ገዝቶ ከሆነ ግን ሻጩ ራሱ ሊያቋርጥለት አይችልም፤ ማሳወቂያው ይህንን ተናግሮ በስልኩ የደንበኝነት ዝርዝር በኩል እንዲሄድ መምራት ይኖርበታል። አፑን ከስልክ ማጥፋት ክፍያውን እንደማያቆምም አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨመር ብዙ ሰው ይድናል። ካርዱ ጊዜው ስላለፈ በራሱ ይቆማል ብሎ መተማመንም አያዋጣም፤ የካርድ ኩባንያዎቹ አዲሱን ቁጥር ለሻጩ በቀጥታ የሚያስተላልፉበት አገልግሎት አላቸው።

ለምሳሌያችን ደንበኛ እንዲህ ቢጻፍለት ይበቃ ነበር፦

«ማርች 12 ቀን 2026 ከካርድዎ (መጨረሻው 4471) 89.99 ዶላር ይቆረጣል። አምና የከፈሉት 39.99 ነበር፤ የመጀመሪያው ዓመት ቅናሽ አብቅቷል። ክፍያው ለአንድ ዓመት ነው። መቀጠል ካልፈለጉ እስከ ማርች 11 እኩለ ቀን፣ በሎስ አንጀለስ ሰዓት፣ ከታች ያለውን በመጫን ያቋርጡ። ቢያቋርጡም እስከ ማርች 12 መጠቀም ይችላሉ።»

የኢሜይሉ ርዕስም ይህንኑ ይናገር፦ «ማርች 12 — 89.99 ዶላር ይቆረጣል»። ምስጋናውና ፊኛው ለሌላ ቀን ይቆይ።

ጽሑፉ ጥሩ ሆኖም የማይደርስበት አጋጣሚ አለ። ብዙ ጊዜ የሚታየው ማሳወቂያው በማስታወቂያ መላኪያው ሥርዓት ሲላክ ነው። «ማስታወቂያ አትላኩልኝ» ያለ ደንበኛ ስሙ ከዝርዝሩ ስለሚወጣ የእድሳቱ ማሳወቂያም አብሮ ይቀርበታል። ማሳወቂያውን ደረሰኝ በሚልከው መንገድ ማስኬድ ይህን ይፈታዋል፤ ዋጋውም ከሂሳቡ መዝገብ በቀጥታ ስለሚወሰድ በኢሜይሉና በካርዱ ላይ ሁለት የተለያየ ቁጥር አይታይም። በአሜሪካ የሚኖሩ ወላጆቻችን ዘንድ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ሂሳቡን የከፈተው ልጅ በራሱ ኢሜይል አስመዝግቦ ካርዱ የአባት ይሆናል። ማሳወቂያው ካርዱ ወደሌለው ሰው ይሄዳል።

ደንበኛው ካቋረጠ በኋላ ሌላ ኢሜይል ሊደርሰው ይገባል፦ መቋረጡን፣ እስከ መቼ መጠቀም እንደሚችልና ከዚህ በኋላ እንደማይቆረጥበት የሚናገር። ይህ በደቂቃዎች ውስጥ ካልመጣ፣ የመጨረሻው «አረጋግጥ» የሚለው ቁልፍ ሳይጫን ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ተመልሶ ገብቶ ማየት ነው። ኢሜይሉ ከመጣ ደግሞ እስከሚቀጥለው የባንክ መግለጫ ድረስ ማስቀመጥ፤ ተሳስተው ቢቆርጡ ለባንኩ የሚቀርበው ማስረጃ እሱ ነው።