በፎቶግራፍ ስለ ተላከ የፊዚክስ ጥያቄ፤ አፈታቱና መልሱ የሚመረመርበት መንገድ

ልጆቻችን ዘጠነኛ ክፍል ከገቡበት ጊዜ ጀምሮ የፊዚክስ ትምህርታቸው በእንግሊዝኛ ቋንቋ ስለሚሰጥ፣ ጥያቄው የጠናባቸው እንደ ሆነ የመጽሐፉን ገጽ በስልክ ፎቶግራፍ አንሥተው በሌላ ከተማ ወዳለ ዘመድ ይልካሉ። ይህም ዛሬ በየቤተ ሰቡ የተለመደ ነገር ሆኗል። ነገር ግን ፎቶግራፍ ገጹን ሁሉ እንዳለ አያመጣም። አንዳንድ ጊዜ ዳሩ ይቆረጣል፤ አንዳንድ ጊዜም የአንሺው እጅ ጥላ በቁጥር ላይ ያርፋል፤ በጥራዙ አጠገብ ያለው ጽሑፍም ጎብጦ ይታያል። ስለዚህ ስሌት ሳይጀመር አስቀድሞ ንባቡን ማጥራት ያስፈልጋል።

በአማራ ሳይንት ወረዳ በአጅባር ከተማ የሚማር አንድ የዘመዳችን ልጅ፣ ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው የላከልንን ጥያቄ እነሆ ለምሳሌ እናቀርባለን። ጥያቄው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል። «100 ኪሎግራም የሆነ የእህል ጆንያ፣ ርዝመቱ 3 ሜትር በሆነ ጣውላ ላይ ወደ ጭነት መኪና ይሳባል። የመኪናው ወለል ከመሬት 120 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ ነው። በጆንያውና በጣውላው መካከል ያለው ሰበቃ 200 ኒውተን ነው። የመሬት ስበት 10 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ነው ተብሎ፣ ጆንያውን በማይለዋወጥ ፍጥነት በጣውላው አቅጣጫ ለመሳብ ስንት ኒውተን ጉልበት ያስፈልጋል? ሥራው በ12 ሴኮንድ ቢፈጸምስ በየሴኮንዱ ስንት ጁል ይሠራል?» ልጁም ለመጀመሪያው ጥያቄ 40,200 ኒውተን የሚል መልስ አግኝቶ፣ ትክክል መሆኑን እንድንነግረው ለምኖናል።

ሥዕሉን ላላዩት አንባቢዎቻችን በቃል እንግለጸው። በስተ ግራ በኩል ከመሬት የሚነሣ አንድ ዘመም ያለ መስመር አለ፤ እርሱ ጣውላው ነው። በስተ ቀኝ በኩል ቀጥ ብሎ የቆመ አጭር መስመር የመኪናውን ወለል ከፍታ ያሳያል። ከታች ያለው አግድም መስመር መሬቱ ነው። ሦስቱ ተገናኝተው ባለ ቀጤ ማዕዘን ሦስት ጎን ይሆናሉ። ጆንያው በዘመመው መስመር መካከል ተቀምጧል። «3 ሜትር» የሚለው ጽሑፍ ግን ጣውላው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት በግራው ማዕዘን አጠገብ ስለ ተጻፈና የፎቶግራፉ ዳር ስለ ተቆረጠ፣ የጣውላው ርዝመት ይሁን የመሬቱ ሥዕሉ ብቻውን አይለይም። የሚለየው ቃሉ ነው፤ «ርዝመቱ 3 ሜትር በሆነ ጣውላ» ስለሚል ቁጥሩ የዘመመው መስመር ነው።

በዚህ ሥዕል ላይ ሦስት ቀስቶችን በእርሳስ መጨመር ይገባል። አንደኛው የጆንያው ክብደት ነው፤ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ይወርዳል እንጂ በጣውላው አቅጣጫ አይሄድም። ሁለተኛው የሳቢዎቹ ጉልበት ሲሆን በጣውላው ሽቅብ ይወጣል። ሦስተኛው ሰበቃው ነው፤ ጆንያው ሽቅብ ሲሄድ ሰበቃው ዘወትር ተቃራኒውን ይዞ ቁልቁል ይጎትታል። ጣውላው ጆንያውን ከታች የሚደግፍበት ጉልበትም አለ፤ እርሱ ግን በጉዞው አቅጣጫ ስላልሆነ ለዚህ ጥያቄ አያስፈልገንም።

ከዚህ በኋላ መለኪያዎቹን አንድ ማድረግ ነው። በፍርድ ቤት መዝገብ አንድ ሰው «መቶ አለብኝ» ብሎ ቢፈርም፣ መቶ ብር ይሁን መቶ ቁና እህል ካልተጻፈ ባለ ዕዳና ባለ ገንዘብ ይከራከራሉ እንጂ አይስማሙም። በፊዚክስም ቁጥር ያለ መለኪያው እንዲሁ ነው። ጣውላው በሜትር፣ ከፍታው ግን በሴንቲሜትር ተሰጥቷል። አንድ ሜትር 100 ሴንቲሜትር ስለ ሆነ 120 ሴንቲሜትር 1.2 ሜትር ይሆናል። ልጁ ግን እንዳለ 120ን ለ3 አካፍሎ 40 አገኘ፤ ስሕተቱም ከዚህ ተወለደ። ይህንንም ማወቅ አስቸጋሪ አይደለም። ዘመም ያለ ጣውላ ዘወትር ከሚያደርስበት ከፍታ ይረዝማልና፣ ከፍታው ለጣውላው ሲካፈል ከአንድ የሚበልጥ ቁጥር ከቶ ሊመጣ አይችልም። ደግሞም 40,200 ኒውተን ማለት ከ40 ኩንታል የሚበልጥ ሸክም ነው። አንድ ኩንታል እህል ለመጫን 40 ኩንታል የሚያነሣ ጉልበት ካስፈለገ፣ ጣውላውን ጥሎ ጆንያውን በቀጥታ ማንሣት ይሻል ነበር!

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። የጆንያው ክብደት 100 ሲባዛ በ10 ነው፤ ይኸውም 1,000 ኒውተን ይሆናል። ይህ ክብደት በጣውላው ላይ ሁለት ሆኖ ይከፈላል፤ አንዱ ክፍል ጣውላውን ይጫናል፣ ሌላው ክፍል ጆንያውን ቁልቁል ያንሸራትታል። የሚያንሸራትተው ክፍል ከክብደቱ ሁሉ ያለው ድርሻ፣ ከፍታው ከጣውላው ርዝመት ካለው ድርሻ ጋር እኩል ነው። 1.2 ሜትር ለ3 ሜትር ሲካፈል 0.4 ነው፤ ሜትር ለሜትር ስለ ተካፈለም ይህ ቁጥር መለኪያ የለውም። እንግዲህ 1,000 ኒውተን ሲባዛ በ0.4 የሚገኘው 400 ኒውተን ነው። ሳቢዎቹ ይህንን 400 ኒውተንና የሰበቃውን 200 ኒውተን አንድ ላይ ማሸነፍ አለባቸው። ስለዚህ መልሱ 600 ኒውተን ነው። ፍጥነቱ የማይለዋወጥ ስለ ተባለ ከዚህ በላይ ትርፍ ጉልበት አይጠየቅም።

መልሱ ከተገኘ በኋላ በመጣንበት መንገድ መልሶ መሄድ ምርመራ አይባልም፤ በሌላ መንገድ መምጣት ያስፈልጋል። ሌላው መንገድ በሥራ መቍጠር ነው። 600 ኒውተን 3 ሜትር ሲጓዝ የተሠራው ሥራ 1,800 ጁል ነው። ይህ ሥራ የት ገባ ብለን እንጠይቅ። 1,000 ኒውተን ክብደት 1.2 ሜትር ከፍ ብሏል፤ ይህ 1,200 ጁል ነው። በሰበቃው 200 ኒውተን በ3 ሜትር ተባዝቶ 600 ጁል ወደ ሙቀት ተለውጧል። ሁለቱ ሲደመሩ 1,800 ጁል ስለሚሆኑ ሒሳቡ ተስማምቷል።

ይህ ሁለተኛ መንገድ መለኪያ የማይገልጠውን ስሕተት ይገልጣል። አንድ ተማሪ የሰበቃውን ቀስት በስሕተት ሽቅብ ቢስለው፣ ከ400 ላይ 200 ቀንሶ 200 ኒውተን ይላል። መለኪያው ኒውተን ነው፤ ቁጥሩም ለዐይን የሚያስደነግጥ አይደለም። ነገር ግን 200 ኒውተን በ3 ሜትር 600 ጁል ብቻ ነው፤ ጆንያውን ለማንሣት ብቻ እንኳ 1,200 ጁል ያስፈልጋልና መልሱ ሐሰት መሆኑ ወዲያው ይታወቃል።

ሆኖም ምርመራውም ድንበር አለው። በተላከልን ፎቶግራፍ ላይ በሰበቃው ቁጥር መጨረሻ የእጅ ጥላ አርፎ ነበርና፣ 20 ይሁን 200 በደንብ አይለይም ነበር። 20 ብለን ብንነሣ ጉልበቱ 420 ኒውተን፣ ሥራው 1,260 ጁል ይሆናል፤ በሌላው መንገድም 1,200 እና 60 ተደምሮ ያው 1,260 ይመጣል። ሁለቱም መንገዶች ከአንድ ንባብ ስለሚነሡ ንባቡ ቢሳሳት አብረው ይሳሳታሉ። ስለዚህ ሌላ ሥራ ሳንጀምር፣ መጽሐፉን በደጅ ብርሃን ዘርግቶና ጥላውን አርቆ ዳግመኛ እንዲያነሣው አዘዝነው፤ በሁለተኛውም ፎቶግራፍ 200 ሆኖ ተነበበ።

የቀረው ቀላል ነው። 1,800 ጁል ለ12 ሴኮንድ ሲካፈል 150 ጁል በሴኮንድ፣ ማለት 150 ዋት ይሆናል። ጠንካራ ሰው ለጥቂት ሴኮንድ ይህን ያህል ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን 600 ኒውተን 60 ኪሎግራም ያህል የመያዝ ሸክም ስለ ሆነ፣ ሁለት ሰዎች ቢስቡት ለእያንዳንዱ 300 ኒውተን ይደርሰዋል። ስበቱ 10 መባሉም ለሒሳብ እንዲቀል ነው እንጂ የእውነተኛው መጠን ወደ 9.8 ይጠጋል። በዚያ ቢሰላ ጉልበቱ 592 ኒውተን ይሆናል። ተማሪው ግን በፈተና ወረቀት ላይ ጥያቄው የሰጠውን ቁጥር ይያዝ።