ከሸክላ ወደ ፋይል፦ ድምፁ ሲገባና ዘፈኑ ሲቆረጥ

እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ አዲስ አበባ ላይ አምሃ ሬከርድስን ሲያቋቁም የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ በብዛት የሚወጣው በትንሿ ሸክላ ነበር። በደቂቃ 45 ጊዜ ትዞራለች፣ በአንድ ገጿም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዘፈን ትይዛለች። ትልቁ ሸክላ ደግሞ በደቂቃ 33 ከሲሶ እየዞረ በአንድ ገጽ ብዙ ዘፈን ይሸከማል፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒው ዮርክ ውስጥ የወጣው የሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ከዚህ ወገን ነው። ሁለቱም ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጡ የድምፅ መጠን ልኬት ያስፈልጋቸዋል። የመቁረጡ ጣጣ ግን የትልቁ ነው።

ለመገልበጥ የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ መቁረጡ ነው። ጭንቀቱ ቦታውን ስቷል። ያለቦታው የተቆረጠ ዘፈን ዋናው ቅጂ እስካለ ድረስ ነገም ይስተካከላል፤ ሲገባ የተበላሸ ድምፅ ግን ሸክላውን እንደገና ከማጫወት በቀር መድኃኒት የለውም።

ነገሩ የሚጀምረው ከመርፌዋ ነው። መርፌዋ ቦዩን ተከትላ ስትንቀጠቀጥ በተለመደው ካርትሪጅ የሚመነጨው ኤሌክትሪክ ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ቢሆን ነው፤ የኮምፒውተር የድምፅ መግቢያ የሚፈልገው ከዚህ መቶ እጥፍ ያህል ነው። ክፍተቱን የሚሞላው ፎኖ ፕሪአምፕ የሚባለው መሣሪያ ሲሆን ሥራው ማጉላት ብቻ አይደለም። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል፤ አለዚያ የባሱ ንቅናቄ ቦዩን አስፍቶ ቦታ ይጨርስ ነበር። ፕሪአምፑ ይህንን መልሶ ያቃናል። ስለዚህ ድምፁ ባስ አልባና ስስ ሆኖ ከተሰማ ፕሪአምፕ በመካከል የለም ማለት ነው። ሁሉ ነገር እየጎረነነና እየተቧጨረ ከመጣ ደግሞ ምናልባት ሁለት ፕሪአምፕ ተከታትሏል፤ ብዙ አዳዲስ ማጫወቻዎች የራሳቸው ስላላቸው ከጀርባቸው PHONO እና LINE የሚል ማብሪያ ይገኛል። የማያቋርጥ እምምታ ካለ መጀመሪያ የሚታየው ከማጫወቻው ወደ ፕሪአምፑ የሚሄደው ቀጭን የመሬት ሽቦ ነው።

ከዚያ የመጠን ልኬቱ ይመጣል። በዲጂታል ዓለም ጣሪያው ዜሮ ዴሲቤል ነው፤ ከዚያ በላይ የሚመጣው ድምፅ አናቱ ተቆርጦ ይቀራል። በካሴት ዘመን የሠራ ሰው እጁ ወደ ላይ መግፋት ይወዳል፤ ቴፑ የራሱ ሹክሹክታ ስላለው ዝቅ አድርጎ መቅዳት ያስከፍል ነበር። በ24 ቢት ሲቀዳ ግን ይህ ምክንያት የለም። የሸክላው የራሱ የቦይ ጫጫታ ከከፍተኛው ድምፅ በ60 ወይም በ70 ዴሲቤል ቢርቅ ነው፣ 16 ቢት እንኳ 96 ያህል ይይዛል። ስለዚህ የገጹን ጯሂ ቦታ ፈልጎ አጫውቶ፣ ጫፉ ከዜሮ በታች ከ12 እስከ 6 ዴሲቤል ባለው መካከል እንዲያርፍ ማድረግ በቂ ነው። የተረፈው ቦታ ለጭረት ነው፤ አንድ ጭረት ከመለከቱም ከከበሮውም በላይ ሊዘል ይችላል።

ጯሂው ቦታ የት እንዳለ በዓይንም ይገመታል። ሸክላውን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጎ ለሚያይ፣ ቦዩ በጉልህ የሚወዛወዝበትና ነጸብራቁ የሚሻክርበት ቀለበት ብዙ ጊዜ ጯሂው ነው። ሞክሮ መስማትን ግን አይተካም።

አሁን ድምፁ ተሰነጣጠቀ እንበል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የድምፅ ሞገዱ ራሱ ይናገራል። ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ሞገዱን አጉልቶ ማየት ይቻላል። አናቱ ዜሮ ላይ እንደ ጠረጴዛ ከተደለደለ ኮምፒውተሩ ከአቅሙ በላይ ገብቶበታል፤ መግቢያውን ዝቅ አድርጎ መድገም ነው። ሁለተኛው ተንኮለኛ ነው፦ አናቱ ተደልድሏል፣ ግን ከዜሮ ብዙ ዝቅ ብሎ። ይህ ማለት ድምፁ የተቆረጠው ኮምፒውተሩ ጋ ሳይደርስ፣ ፕሪአምፑ ወይም የድምፅ ካርዱ መግቢያ ላይ ነው። በስክሪን ላይ ያለውን ማንሸራተቻ ዝቅ ማድረግ የተቆረጠውን ከማሳነስ በቀር የሚፈይደው የለም፤ መቀነስ ያለበት ከዚያ በፊት ያለው ማዞሪያ ነው። ላፕቶፕ ላይ የማይክሮፎን መግቢያን የሚጠቀሙ ሰዎች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ መግቢያው ለደካማ ድምፅ የተሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜም ሞኖ ነው።

ሦስተኛው ጥፋት የሸክላው ወይም የመርፌው ነው። መጠኑን ዝቅ አድርገው ቢደግሙትም መቧጨሩ እዚያው ቦታ ላይ ይመለሳል፣ የሞገዱ አናት ግን አልተደለደለም። ብዙ ጊዜ የሚብሰው ወደ ገጹ መጨረሻ ነው። በትልቁ ሸክላ ዳር ላይ ቦዩ በመርፌዋ ሥር በሰከንድ 51 ሴንቲሜትር ያህል ያልፋል፣ መሀሉ ጋ ሲደርስ 21 ገደማ ይሆናል፤ ያው ድምፅ ከግማሽ ባነሰ ርዝመት ታምቆ ይቀረጻል። መርፌ መቀየርና ሸክላውን ማጠብ ሊረዳ ይችላል፣ በከባድ መርፌ ተፍቆ ያለቀን ቦይ ግን ማንም አይመልሰውም።

መቁረጡ የሚጀምረው ሙሉው ገጽ ሳይቋረጥ ከገባ በኋላ ነው። ኦዳሲቲ ላይ `Label Sounds` የተባለው ትእዛዝ ጸጥታ እየፈለገ በየዘፈኑ ላይ ምልክት ያስቀምጣል። ችግሩ ሸክላ ላይ ጸጥታ የለም፤ በዘፈኖች መካከል ቦዩ ይንጫጫል። ስለዚህ መጀመሪያ የዚያ ክፍተት ጫጫታ ይለካል። ከዜሮ 52 ዴሲቤል ዝቅ ያለ ቢሆን ወሰኑን 45 ላይ፣ የጸጥታውንም ዝቅተኛ ርዝመት 2 ሰከንድ ላይ ማድረግ ጥሩ መነሻ ነው።

ውጤቱን ግን በቁጥር ብቻ ማመን አይገባም። አራት ዘፈን ያለው ገጽ ይታሰብ፤ ሽፋኑ ላይ 5፡10፣ 4፡20፣ 6፡00 እና 5፡40 ተጽፏል። ሶፍትዌሩም አራት አገኘ፦ 9፡33፣ 2፡15፣ 3፡43፣ 5፡40። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ሥራው ስህተት ነው። በመጀመሪያው ክፍተት ላይ ያለች ጭረት ጸጥታውን ሰብራ ሁለት ዘፈን አጣበቀች፤ ሦስተኛው ዘፈን ውስጥ ደግሞ ባንዱ ለ2 ሰከንድ ዝም ያለበት ቦታ እንደ መጨረሻ ተቆጠረ። መፍትሔው የተሳሳተውን ምልክት አጥፍቶ በጎደለው ቦታ ጠቋሚውን አሳርፎ `Ctrl+B` መጫን ነው። ሁሉም ዘፈኖች በአንድ ዓይነት መጠን አጥረው ከተገኙ፣ ለምሳሌ 5፡10 የነበረው 5፡04፣ ጥፋቱ የመቁረጡ ሳይሆን ፈጥኖ የሚዞረው ማጫወቻ ሊሆን ይችላል። የሽፋን ሰዓትም ሁልጊዜ አይታመንም።

እየደከመ የሚጠፋ ዘፈን ጅራቱ እንዳይቆረጥ ምልክቱ ከቀጣዩ ዘፈን መጀመሪያ ጥቂት ቀደም ብሎ ይቀመጣል፤ ክፍተቱ ከቀደመው ዘፈን ጋር ይሄዳል። ጭብጨባው ሳይቋረጥ የሚቀጥል የመድረክ ቅጂ ከሆነ ወደ ኤምፒ3 ማውጣት በየመገናኛው ላይ ትንሽ ባዶ ሊጨምር ስለሚችል ፍላክ ይሻላል። ድምፁን ከፍ ማድረግ ካስፈለገም ከመቆረጡ በፊት በሙሉው ገጽ ላይ ይደረጋል። ዘፈን በዘፈን ከተደረገ ለስለስ ያለው ዘፈን ከጯሂው እኩል ይጮኻል፣ የአልበሙ ሚዛን ይፈርሳል።

ያልተነካው የሙሉ ገጽ ፋይል ለብቻው ይቀመጣል። በ24 ቢትና በ44.1 ኪሎኸርዝ 20 ደቂቃው ወደ 320 ሜጋባይት ይወስዳል።