ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት፦ የክረምት የማስጠናት ሥራ

በክረምት እረፍት ለመስከረም ደብተርና ጫማ የሚሆን ገንዘብ ማግኘት የሚፈልግ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሥራው በፊት ሰዓቱን ቢመርጥ ይሻለዋል። በቆሎ ጥብስ በደንብ የሚሸጠው ሰው ከሥራ ሲመለስ፣ አመሻሽ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ወላጅ ልጁ ቤት እንዲገባለት ይፈልጋል። ደብተር ማዞር ደግሞ መነሻ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ዝናብም ያበላሸዋል። ለመቀጠር ካሰበ፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣትም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ወይም በሌሊት አይሠራም።

እኔ የምመርጥለት የሰፈር ልጆችን ማስጠናት ነው። አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ የሚበረታው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ጠዋት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ይመቻል። በፍልሰታ ለቅዳሴ የሚሄዱ ልጆችም ቀትር ሳይደርስ ይለቀቃሉ። ቦታው የራሱ ቤት በረንዳ ይሁን፤ እናቱ ወይም አባቱ እዚያው አሉ፣ ሰው ቤት ብቻውን አይገባም። ዋጋውንም ወላጅ ከወላጅ ጋር ቢነጋገር ይሻላል፤ ልጅ ከትልቅ ሰው ጋር ሲደራደር ይሉኝታ ይይዘዋል።

ሦስት የአምስተኛ ክፍል ልጆች ተገኙ እንበል። የመጀመሪያው ቀን ማስተማሪያ ሳይሆን መፈተኛ ነው፤ ዐሥር አጫጭር የሒሳብ ጥያቄዎች ይበቃሉ። አንዱ ልጅ ½ + ⅓ = ⅖ ብሎ ቢጽፍ፣ ላይና ታቹን ለየብቻ ደምሮታል ማለት ነው። መልሱን ከመንገር ይልቅ «ግማሽ ዳቦ ይዘህ ሌላ ተጨመረልህ፤ ከግማሽ ያነሰ እንዴት ደረሰህ?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል። ከዚያ ዳቦውን በስድስት እኩል ቁራሽ ማሰብ ነው፤ ግማሹ ሦስት፣ ሲሶው ሁለት፣ ድምሩ ከስድስት አምስት። በማግስቱ በሌላ ቁጥር ብቻውን ከሠራው ገብቶታል፤ አስጠኚው የሠራለትን ብቻ የሚገለብጥ ከሆነ ገና ነው።

ክፍያው ለአንድ ልጅ በቀን 40 ብር ቢሆንና በሳምንት ሦስት ቀን ለስድስት ሳምንት ቢያስጠና፣ 2,160 ብር ይገባል። ለጠመኔና ለወረቀት 160 ብር ቢወጣ 2,000 ይተርፋል። ሒሳቡ ግን ልጆቹ ካልቀሩ ነው። ነሐሴ ላይ አያት ጥየቃ ገጠር የሚሄድ ልጅ አይጠፋምና፣ ክፍያው በየሳምንቱ መጀመሪያ ቢሆን ለሁለቱም ወገን ያመቻል።

ይህን ሥራ ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ሰዓቱ ሳይታወቅ መርዘሙ ነው። አንዷ እናት ታናሽየውንም «እግረ መንገድህን» ብላ ትልካለች፣ ሌላዋ ከገበያ እስክትመለስ ልጇን ትተዋለች። ማስጠናቱ ሕፃን ወደ መጠበቅ ሲዞር ሌሎቹ ልጆች ትምህርታቸውን ያጣሉ። ስለዚህ የልጆቹ ቁጥርና የመውሰጃው ሰዓት ገና ዋጋ ሲቆረጥ ይነገር፤ አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ በረንዳው ላይ የሚቀር ልጅ ካለም፣ ለእናትየው የሚደውሉት የአስጠኚው ወላጆች ይሁኑ።