«በሄክታር 30.7 ኩንታል» ከየት መጣ?

የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሪፖርት በጠቅላላ ጉባኤ ሲነበብ፣ አባላት ጆሯቸውን የሚያቆሙት ሁለት ቁጥሮች ላይ ነው፦ በሄክታር ስንት ተገኘ? በጠቅላላው ስንት ኩንታል ተመረተ?

ለምሳሌ ያህል፣ በሦስት ጎጥ 100 ሄክታር ስንዴ ያመረተ ማኅበር አለ እንበል። በመጀመሪያው ጎጥ በሄክታር 40 ኩንታል፣ በሁለተኛው 24፣ በሦስተኛው 28 ተገኝቷል። ጸሐፊው ሦስቱን ደምሮ ለሦስት አካፈለና 30.7 ገደማ አገኘ። በ100 ሄክታር ሲያባዛው ምርቱ 3,067 ኩንታል ሆነ። ጉባኤውም አጨብጭቦ ተቀበለው።

ስሕተቱ ያለው ጎጦቹን እኩል አድርጎ መቁጠሩ ላይ ነው። 40 ኩንታል የተገኘበት ጎጥ 10 ሄክታር ብቻ ነበር። 24 የተገኘበት 50፣ 28 የተገኘበት ደግሞ 40 ሄክታር ነው። እያንዳንዱን በየመሬቱ ስፋት ስናባዛ 400፣ 1,200 እና 1,120 ኩንታል ይመጣል። ድምሩ 2,720 ነው፤ በሄክታር 27.2 ማለት ነው። የ347 ኩንታሉ ልዩነት ያለው በወረቀት ላይ እንጂ በመጋዘን ውስጥ አይደለም። ማኅበሩ በዚያ ቁጥር ተማምኖ ከዱቄት ፋብሪካ ጋር ውል ከገባ፣ ጉድለቱን የሚሸከሙት አባላቱ ናቸው።

የየጎጡ ቁጥር ራሱስ ከየት መጣ? ብዙ ጊዜ ከማሳ ላይ ናሙና ነው። 4 ሜትር በ4 ሜትር ተለክቶ ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ይመዘናል። ከዚያች 16 ካሬ ሜትር 4.8 ኪሎ ከተገኘ በሄክታር 30 ኩንታል ይሆናል። ሚዛኑ በ100 ግራም ቢሳሳት ግን በሄክታር ከግማሽ ኩንታል በላይ ይዛባል። ናሙናው ሰብሉ ካማረበት ቦታ ተመርጦ ከተወሰደማ፣ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢመዘን የማሳውን እውነት አይናገርም። ቦታው በዕጣ መውጣት አለበት የምለው ለዚህ ነው።

የመሬቱን ስፋት ለማጣራት የዘር መዝገቡ ይረዳል። ስንዴ በብተና ሲዘራ በሄክታር 150 ኪሎ ገደማ ይወስዳል፤ ስለዚህ 100 ሄክታር 150 ኩንታል ዘር ይፈልጋል። መዝገቡ 110 ኩንታል ብቻ የሚያሳይ ከሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከራሱ ጎተራ የዘራ ወይም በመስመር የዘራ ገበሬ ካለ ልዩነቱ ሊገለጽ ይችላል። ካልሆነ ግን ጥማዱ ወደ ሄክታር ሲቀየር ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ጥማድ እንደየአካባቢው ይለያያልና።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። የሪፖርቱ ጠቅላላ ምርት ከስፋቱና ከአማካዩ ብዜት ጋር ያለ አንዲት ኩንታል ልዩነት ከገጠመ፣ ያ ቁጥር የተሰላ እንጂ የተመዘነ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ እጃችሁን አውጥታችሁ ሪፖርቱን ከማጽደቃችሁ በፊት፣ የየጎጡ ስፋትና የመጋዘኑ የሚዛን መዝገብ አብረው እንዲነበቡ ጠይቁ።