የቤት ኪራይ ውል፦ ሲገባ የተሰጠው ገንዘብ ስሙ ማን ነው?

በክፍለ ከተማችን በንፋስ ስልክ ላፍቶ ብዙ ቤተሰብ በኪራይ ይኖራል። ጠቡ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ተከራዩ ሲወጣ ነው፤ ሥሩ ግን ሲገባ በተጻፈችው ወረቀት ላይ ነው።

አንድ ተከራይ ለቡ አካባቢ በወር 8,000 ብር ቤት ተከራየ እንበል። ሲገባ 16,000 ብር ሰጠ፤ ወረቀቱ «ተቀብያለሁ» ብቻ ይላል። ሁለት ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ተከራዩ «የመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ተከፍለዋል» ይላል፤ አከራዩ «እሱ መያዣ ነው፣ ኪራዩን ክፈል» ይላል።

ቅድሚያ ክፍያ ከሆነ ሁለት ወር ተከፍሏልና ተከራዩ የሚከፍለው የ22 ወር ነው። መያዣ ከሆነ 24ቱንም ወር ይከፍላል፤ ሲወጣ ጉዳት ተቀንሶ ይመለስለታል። በ2016 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ስለዚህ የገንዘቡ ስም፣ መጠኑና የሚመለስበት ቀን በውሉ ይጻፍ።

ከመያዣው ምን ይቀነሳል? ተከራዩ የሰበረው ቧንቧ በ600 ብር ከተጠገነ 15,400 ብር ይመለስለታል። ጣሪያው በእርጅና ካፈሰሰ ግን ጥገናው የአከራዩ ነው፤ አይቀነስም። በልማድም በሕግም በር፣ መስኮትና ቧንቧን የመሰሉ ጥቃቅን ጥገናዎች ወደ ተከራዩ ያዘነብላሉ፤ በእርጅና የተበላሸው ግን እሱን አይመለከትም። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው በመግቢያው ቀን የቤቱን ሁኔታ የሚዘረዝርና ሁለቱም የፈረሙበት ወረቀት ነው።

ደባል ማስገባት ወይም ክፍል ለሌላ ማከራየት የፈለገ የአከራዩን ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ። ደባሉ መስታወት ቢሰብር እንኳ አከራዩ የሚጠይቀው ውሉን የፈረመውን ነው።

ቤት ልቀቁ ማለትም ሆነ ለቅቄ እወጣለሁ ማለት በቃል አይብቃ። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ይሁን፤ ተቀባዩ ቀኑን ጽፎ ይፈርምበት፤ ጊዜው ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቆጠር። አዋጁ ውል የሚቋረጥባቸውን ምክንያቶች ስለዘረዘረ፣ አከራይ «አስጠንቅቄያለሁ» ማለቱ ብቻውን ተከራይን አያስወጣም።

ውሉ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ በወረዳው ይመዝገብ፤ ወርሃዊ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈል። ያኔ ስንት ወር እንደተከፈለ የሚያከራክር ነገር አይኖርም።