ያልተጻፈው ግድግዳ

መርማሪው መሐንዲስ ጠረጴዛ ላይ የደረሰው የስሌት ማስታወሻ ሁለት ገጽ ነው። የመጨረሻው መስመር «ባለ 20 ፌሮ፣ ሦስት፤ ይበቃል» ይላል። ልምድ ያለው መርማሪ ግን ንባቡን ከዚህ መስመር አይጀምርም። መጀመሪያ የወለሉን ፕላን ይዘረጋና ቢሙ የት እንዳለ፣ በላዩም ምን እንዳረፈ በጣቱ እየተከተለ ያያል።

የምሳሌያችን ቢም የአንድ መኖሪያ ቤት ነው። ሁለት ኮለኖች መካከል 5 ሜትር ይዘረጋል፤ ወርዱ 25፣ ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር። ማስታወሻው አነሳሱ ጥሩ ነው። ቢሙ ጫፍና ጫፉ ላይ እንዲሁ እንደተቀመጠ ተቆጥሯል፤ ርዝመቱ የተለካው ከኮለን መሐል እስከ ኮለን መሐል ነው፤ ኮንክሪቱ C25/30፣ የፌሮው ጥንካሬ 400 ሜጋ ፓስካል፤ የስሌቱ መሠረት ES EN 1992 የ2015 እትም። እነዚህ ግምቶች ካልተጻፉ መርማሪው ከታች ያለውን ቁጥር የሚያመሳክርበት ነገር አይኖረውም።

ችግሩ ያለው ክብደቶቹ በተዘረዘሩበት ቦታ ነው። ቢሙ ከስላቡ የ3 ሜትር ስፋት ድርሻ ይሸከማል። ስላቡ ከሊሾውና ከንጣፉ ጋር በካሬ ሜትር 5.25 ኪሎ ኒውተን ስለሚመዝን፣ በቢሙ አንድ ሜትር ላይ 15.75 ያርፋል። የቢሙ የራሱ ክብደት 1.9 ነው። ሰውና ዕቃ በካሬ ሜትር 2 ተብሎ በሜትር 6 ይሆናል። አንድ ኪሎ ኒውተን ወደ 100 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት መሆኑን ይዞ ማንበብ ነገሩን ያቀልላል።

ዝርዝሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ፕላኑ ላይ ግን ልክ ከቢሙ በላይ የብሎኬት ግድግዳ ተሥሏል። ቁመቱ 2.6 ሜትር፣ በሁለት በኩል ልስን ያለው ነው። በካሬ ሜትር 3.5 ቢገመት በቢሙ ሜትር ላይ 9.1 ኪሎ ኒውተን ይጨምራል፤ ይህም ቤቱ ውስጥ ከሚኖሩት ሰዎችና ከዕቃቸው ድርሻ ይበልጣል።

መርማሪው ስሌቱን እንደገና ይሠራል። ቋሚው ክብደት በአንድ ላይ 26.75 ይሆናል። ደንቡ ቋሚውን በ1.35፣ ተለዋዋጩን በ1.5 አባዙ ስለሚል፦

```
w = 1.35 × 26.75 + 1.5 × 6 = 45.1 kN/m
M = w × L² / 8 = 45.1 × 5² / 8 = 141 kNm
```

ሁለተኛው መስመር ቢሙን መሐሉ ላይ የሚያጎብጠው ጉልበት ነው፤ መሐንዲሶች ሞመንት ይሉታል። ይህን የሚቋቋም ፌሮ 1165 ካሬ ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። ሦስት ባለ 20 ፌሮ የሚሰጠው 942 ብቻ ነው፤ አራት ደግሞ 1256። የተረሳችው አንዲት መስመር ዋጋዋ አንድ ሙሉ ፌሮ ነው።

ቢሙ በማግስቱ አይወድቅም፤ አሳሳቢነቱም እዚሁ ላይ ነው። ግድግዳው ለክፉ ቀን የተቀመጠውን አቅም በዝምታ ይበላል፤ ቤቱን የሚጠቀም ሰው ይህን በዓይኑ አያይም። የማስታወሻው የመጨረሻ ገጽ ከግድግዳው ውጪ ንጹሕ ነው፤ ማባዛቱም መደመሩም ልክ ነው። ስለዚህ ቁጥሮቹን ብቻ የሚፈትሽ ሰው ስህተቱን አያገኝም። የሚያገኘው ዝርዝሩን ከፕላኑ ጋር የሚያስተያይ ነው። ለዚህ ሲባል እያንዳንዱ ክብደት በየራሱ መስመር መጻፍ አለበት። «ቋሚ ክብደት፣ 17.65» ተብሎ በድምር ብቻ ቢቀመጥ ግድግዳው ገብቶ ይሁን ቀርቶ ማን ያውቃል?

የደንቡ ስም መጻፉም እንዲሁ ለይስሙላ አይደለም። የ1995 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ደንብ፣ EBCS፣ ቋሚውን በ1.3፣ ተለዋዋጩን በ1.6 ያባዛ ነበር። በዚያ መንገድ የእኛው ቢም 44.4 ያገኛል፤ ከአዲሱ 45.1 ብዙም አይርቅም። ከአሮጌው 1.3ን፣ ከአዲሱ 1.5ን የወሰደ ሰው ግን 43.8 ላይ ይደርሳል፤ ከሁለቱም ያነሰ፣ ከሁለቱም ደንብ ያልሆነ ቁጥር። ይህ ቅይጥ ከቆየ የስሌት ፋይል ላይ ሲገለብጡ በቀላሉ ይገባል።

ማስታወሻው ተመልሶ አራት ፌሮ ተጽፎበት ሲመጣ መርማሪው አንድ ጥያቄ ይቀረዋል። ቢሙ ጫፉ ላይ እንዲሁ እንደተቀመጠ ተቆጥሯል፤ ሥራው ቦታ ላይ ግን ከኮለኑ ጋር አብሮ ይሞላል። ስለዚህ ኮለኑ አጠገብ ቢሙ ከላይ ይሳባል፤ ፌሮ ከሌለ እዚያው ይሰነጠቃል። ደንቡም ለጫፎቹ የመሐሉን ሞመንት ቢያንስ 15 በመቶ የሚችል የላይኛ ፌሮ ይጠይቃል፤ በዚህ ቢም 21 ኪሎ ኒውተን ሜትር ያህል ነው፣ ሁለት ባለ 12 ይበቁታል። መርማሪው ከግምቱ መስመር ጎን በቀይ እስክሪብቶ ይጽፋል፦ «የጫፎቹ የላይኛ ፌሮ የታለ?»